የካምቢዮው ዘይትና የፋውስቶ ሙት ዓመት

ሊብራዶ ፔኛ መጽሐፍ የሚያነብ ሹፌር ነው። እንዲህ የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ የፌርማታው ሹፌሮችም ይሉታል፣ እነሱ ግን እየሳቁ ነው። መጽሐፉም አንድ ነው፤ ከሚኒባሷ ጋር አብሮ የመጣው የባለቤት መመሪያ። ሌላው ሹፌር በመኪናው ኪስ ውስጥ የሎተሪ ቲኬትና የማርያም ሥዕል ሲያኖር፣ ሊብራዶ መመሪያውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያኖራል። መኪናው አጉል ድምፅ ሲያሰማ ሌላው ሹፌር ሜካኒክ ይጠራል፤ እሱ ጣቱን አርሶ ገጽ ይገልጣል። «ኢንጂነር» ብለው አወጡለት። ስሙ ለቀልድ ወጣ እንጂ ሊብራዶ ወዶታል፤ ወዶትም አልቀረ፣ ከጊዜ በኋላ አመነው። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከሎስ ጉያቦስ እስከ ሃራባኮዋ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ለዓመታት የነዳው ከፋውስቶ ጋር እየተፈራረቀ ነበር። ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት አንዱ። ፋውስቶ ወዳጁ ብቻ ሳይሆን አበልጁም ነበር፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣው ሊብራዶ ነው። አምና ፋውስቶ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ሬሳውን ከሆስፒታል ወደ ተራራው ያወጣችው ይህችው ሚኒባስ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ፈረቃ ሊብራዶ ብቻውን ያዘ፣ ሰርቪሱም «የሚቀጥለው ወር» እየተባለ ተንከባለለ። አሁን ሚኒባሷ ዳገት ላይ ማርሽ ለመቀየር ማመንታት ጀምራለች። በዚያ ላይ ቅዳሜ የፋውስቶ ሙት ዓመት ነው፤ ወንድሞቹንና እህቶቹን ከሳንቲያጎ ጭኖ የሚያመጣው ሊብራዶ ነው። መንገድ ላይ ብትቆምበት ጸሎቱ ያለ ዘመድ ሊቀር ነው።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት መመሪያውን፣ እርሳሱንና የሒሳብ መኪናውን ይዞ የፋውስቶ ሚስት ኔሬይዳ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እሷ የርግብ አተር ትፈለፍላለች። ቤቱ ተቀምጦም ሊያሰላው ይችል ነበር፤ ግን ሰው እያየው ማስላት ይወዳል፣ ምን ይደረግ።

«ይኸውልሽ አበልጄ» አላት፣ መጽሐፉን ከኋላው ገደማ ገልጦ። «ሰው ዝም ብሎ ሱቅ ይሄድና 'ዘይት ስጠኝ' ይላል። ስንት? አያውቅም። እዚህ ግን ሁሉም ተጽፏል። ሞተሩ ስንት ይጠጣል፣ ካምቢዮው ስንት፣ ዲፈረንሻሉ ስንት፣ ራዲያተሩ ስንት።»

«ሰካራሞች ናቸው በለኛ» አለች ኔሬይዳ፣ ከአተሩ ቀና ሳትል።

«አትሳቂ። እይ፣ የሞተር ዘይት ሁለት መስመር አለው። አንዱ ፊልትሮ ሳይቀየር፣ አንዱ ፊልትሮ ሲቀየር። የፌርማታችን ቺቾ ቢሆን የላይኛውን ያነብና ዘይት ያንሰዋል። እኔ ፊልትሮ ስለምቀይር የታችኛውን እይዛለሁ፤ ስድስት ሊትር።»

«ስድስት ጠርሙስ ማለት ነዋ።»

«አይደለም! ጎበዞች ሁሉ የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። መጽሐፉ በሊትር ይናገራል፤ ሱቁ የሚሸጠው በጋሎንና በኳርት ነው። ኳርት ከሊትር ትንሽ ያንሳል፤ አራቱ አንድ ጋሎን ነው። ስድስት ኳርት ብገዛ የሊትር ሲሶ ያህል ይጎድለኛል። ስለዚህ አንድ ጋሎንና ሦስት ኳርት። የተረፈው ለጎደለ ጊዜ ይቀመጣል።»

ኔሬይዳ አሁን ቀና አለች። እውነቱን ለመናገር ልክ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ከሊብራዶ ስሌት አንዲት ጠብታ የሳተች የለችም። የዲፈረንሻሉን ሁለት ተኩል ሊትር ወደ ሦስት ኳርት አወጣው። የፍሬን ዘይት መጠን ሠንጠረዡ ላይ ባይኖርም አንድ ጠርሙስ በቂ መሆኑን ከልምድ ያውቃል። የመሪ ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የእጅ ዋጋ፤ ሁሉንም ከነዋጋው በካርቶን ላይ ደረደረ። ከዚያ ካምቢዮው ጋ ደረሰ።

«ዘጠኝ ሊትር» አለ። «አሥር ኳርት።»

«ከጎኑ ያለችው ምንድን ናት?» አለች ኔሬይዳ፣ አንገቷን አስግጋ። «ኮከብ ያለባት። ሦስት ነጥብ አምስት ትላለች።»

ሊብራዶ ቁጥሯን በጨረፍታ አያት። በእርግጥም ከዘጠኙ ቀጥሎ በእዝባር የተለየች ሦስት ነጥብ አምስት ነበረች፣ ራሷ ላይ ኮከብ ተደርጎባት። ኮከቡ የሚመራው ወደ ገጹ ግርጌ ነው፤ ግርጌው ደግሞ ከዓመታት የሹፌር ጣት ግራሶ ጠቁሯል። መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ወደ ብርሃን ቢያዞረው ይነበብ ነበር። አላዞረውም።

«እሷ ለሌላ ዓይነት መኪና ናት» አለ። «አንቺ አተርሽን ፈልፍይ።»

ከዚያ ራዲያተሩ። ዘጠኝ ተኩል ሊትር ይላል። ቀይ ውሃው፣ እነሱ ኩላንት የሚሉት፣ በጋሎን ነው የሚሸጠው፤ ሦስት ጋሎን ብሎ ጻፈ። ደመረ። አሥራ አምስት ሺህ አምስት መቶ ፔሶ መጣ። ደግሞ ደመረ፤ ያው ነው። ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለው አሥራ ሁለት ሺህና ጥቂት መቶ ነው። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ዝም አለ።

ኔሬይዳ ዝምታውን ታውቀዋለች፤ ባሏም ገንዘብ ሲያንሰው እንዲሁ ዝም ይል ነበር። «ስንት ጎደለህ?» አለችው።

«ተይው። ካምቢዮውን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።»

«የምታመነታው በካምቢዮው አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያስ ምኑን ታቆየዋለህ?» ሰፌዱን አስቀመጠች። «ነገ እቁቡ የኔ ነው። አራቱን ሺህ ውሰድና ያንተን ዕጣ ስጠኝ።»

የሰፈሩ እቁብ አሥር ሰው ነው፤ በየሳምንቱ አራት መቶ አራት መቶ ይጥላሉ። የሊብራዶ ዕጣ የመጨረሻው ነው፤ ሁለት ወር ያህል ይቀረዋል። የኔሬይዳ አራት ሺህ ለምን እንደታሰበ ደግሞ አገር ያውቃል። የጎረቤቷን የዶን ታንክሬዶን ፍየል ለቅዳሜ አስይዛለች፤ ለሙት ዓመቱ በሩዝና በርግብ አተር ልታቀርበው።

«ፍየሉስ?» አላት ሊብራዶ።

«ሰው ካልመጣ ፍየሉን ማን ይበላዋል? ፋውስቶ እንደሆነ በሕይወቱ ፍየል አልጎደለበትም። እህቶቹ በሰላም ይምጡልኝ እንጂ ዝንጅብልና ብስኩትም ይበቃል።» ይህን ስትል ድምጿ ትንሽ ሰለል አለ፤ ሊብራዶ ሰምቷል። ሰምቶም ተቀበለ።

ሰኞ የእቁቡን ገንዘብ ተቀብሎ ማክሰኞ ሃራባኮዋ ወረደ። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ኤሊሴኦ ዝርዝሩን ተቀብሎ ጠርሙሶቹን ባንኮኒው ላይ መደርደር ጀመረ፣ ካምቢዮው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

«ካምቢዮውን አወረድከው እንዴ?»

«ምን ያወርደዋል? ዘይት መቀየር ነው።»

«ታዲያ አሥር ኳርት ምን ያደርግልሃል? ከሥር ከፍተህ ስታፈሰው የሚወጣው ሲሶው ቢሆን ነው፤ ሌላው ውስጥ ይቀራል።»

ሊብራዶ መጽሐፉን ከፕላስቲኩ አወጣ፣ ሠንጠረዡን ገለጠ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የገጹን ግርጌ አሸ። ከግራሶው ሥር ፊደላቱ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ኮከብ፦ አፍስሶ ለመሙላት። ዘጠኙ እንግዲህ ፈርሶ ለተገጠመ፣ ባዶ ለሆነ ካምቢዮ ነው። ሦስት ነጥብ አምስቷ ለሌላ መኪና አልነበረችም። ለእሱ ነበረች። አራት ኳርት ይበቃዋል።

«ኩላንቱም» አለ ኤሊሴኦ፣ ነገር ለማሳጠር ብሎ። «ይኼ ያልተበጠበጠ ነው። መጽሐፍህ የሚልህ የድብልቁን መጠን ነው፤ ግማሹ የተጣራ ውሃ ነው። ሁለት ጋሎን ውሰድ፣ ከሁለተኛው ይተርፍሃል። ሁለት ጋሎን ውሃ ልጨምርልህ።»

ኤሊሴኦ አዲሱን ሒሳብ መትቶ አሳየው። አሥራ ሁለት ሺህ ሃምሳ፣ የእጅ ዋጋን ጨምሮ። ሊብራዶ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከራሱ መሳቢያ ያመጣው ብር በቂ ነበር። ከመጀመሪያውም በቂ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይኸው ነው፤ የተበደረው ግን ጤፍ አልነበረም።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ጋራዥ ሜካኒኩ የካምቢዮውን ብሎን ፈታና ያገለገለውን ዘይት የሊትር ምልክት ባለው ጆግ ተቀበለ። ሦስት ሊትር ተኩል ላይ ቆመ። ያንኑ ያህል አዲስ ሞላ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አሞቀ፣ በመለኪያው ዘንግ አየ፤ ልክ ነው። «መጽሐፍ ማንበብ እንዳንተ ነው» አለው እጁን እየጠረገ፣ ከልቡ። ሊብራዶ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የኔሬይዳ አራት ሺህ በሸሚዙ ኪስ እንደታጠፈ ነው።

አሁን እንግዲህ ምን ነበር የሚከብደው? ተራራውን ወጥቶ፣ በሯን አንኳኩቶ፣ «አበልጄ፣ ሰነፍ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ እንኪ ፍየልሽን ግዢ» ማለት ነው። ከዚያ አተር ስትፈለፍል ያየችው ቁጥር ትክክል እንደነበር ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ነገ ጠዋት ፌርማታው ሁሉ ይስቃል፣ ቺቾ ቢያንስ እስከ ገና ድረስ «ኢንጂነር፣ ኮከቧስ?» ይለዋል። ይኸው ነው። ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም። ሰው ግን መሳቂያ ከመሆን ሌባ መሆን የሚቀለው ፍጡር ነው፤ ሌብነቱን ማንም አያየውማ።

ማክሰኞ ማታ ደክሞኛል ብሎ ተኛ። ሚስቱ ኢሲድራ «ሒሳቡ በቃህ?» ብትለው «በቃኝ» አላት፤ ያም እውነት ነበር። ረቡዕ ኔሬይዳ በመንገድ ዳር ቆማ «እንዴት ሆነች?» ብትለው «እንደ ፈረስ ትወጣለች» ብሎ አለፈ። ያም እውነት ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሳምንት አንዲት ውሸት ከአፉ አልወጣችም።

ለራሱም ማባበያ አላጣም። የተለዋወጡት እኮ የእቁብ ዕጣ ነው፤ የሱ ዕጣ ሲደርስ አራት ሺዋን ሙሉውን ትወስዳለች። ምን ጎደለባት? አንዲት ሳንቲም አልጎደለባትም። ይህን እያለ ሐሙስ ከሰዓት በዶን ታንክሬዶ ደጅ ሲያልፍ ፍየሉ የጓቫ ዛፍ ላይ ታስሯል። ቡናማ፣ ጆሮው ነጭ። ሊብራዶ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪዎቹ ሰው ሊጭን መስሏቸው ተጠጋጉ። ወርዶ አራቱን ሺህ ለዶን ታንክሬዶ ቢሰጥ፣ ፍየሉን ጎትቶ ኔሬይዳ ደጅ ቢያስር፣ ምንም ቃል ሳይናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለች ግን። ከየት አመጣኸው ስትለው ምን ይላል? ፍሬኑን ለቀቀ። ዓርብ ሲያልፍ ዛፉ ሥር ገመዱ ብቻ ነበር፤ ዶን ታንክሬዶ ለሌላ ሰው ሸጦታል።

ቅዳሜ ሚኒባሷ ከሳንቲያጎ አሥራ ሦስት ዘመድ ጭና ዳገቱን አንዴም ሳታመነታ ወጣች። የፋውስቶ ታላቅ እህት «እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳል» እያለች አሞገሰችው። ቤት ሲደርሱ ነጭ ጨርቅ የለበሰው መሠዊያ፣ የፋውስቶ ፎቶ፣ አበባውና ሻማው ሁሉም በቦታው ነው። መቁጠሪያ ተደገመ፣ ተለቀሰ። ከዚያ መስተንግዶው መጣ። የዝንጅብል ሻይ፣ ጨው ያለበት ብስኩት፣ በቀጭኑ የተቆረጠ አይብ፣ ድንች የሚመስለው ሥር፣ ዩካ፣ ተቀቅሎ።

ከሳንቲያጎ የመጣው የፋውስቶ ወንድም ሰሐኑን አየና ወደ ጓዳው አየ፤ ሌላ ነገር የሚከተል መስሎት ነው። የሚከተል አልነበረም። «በቃ ይሄው ነው?» አላት እህቱን፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሰው በሚሰማው ድምፅ። «ወንድሜ ለዚህ ቤት ስንት ዓመት ነዳ።»

ኔሬይዳ ሰምታለች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፣ ትሪውን ይዛ ግን ፈገግ እንዳለች ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች። እያንዳንዱን «ጨምር፣ አልበላህም እኮ» ትላለች። ሊብራዶ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ አበልጄ፣ አንድም ሰው ሳይጎድል አመጣህልኝ» አለችው። አይቡን ሰሐኑ ላይ መለሰው። ተነሥቶ ወጣና ከቤቱ ጀርባ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመ። ብሩ ደረቱ ላይ ነው፤ በሸሚዙ ላይ እጁን ጫን ሲያደርገው ይሰማዋል።

ኔሬይዳ ባዶ ኩባያ ልታጥብ ስትወጣ እዚያው አገኘችው። የፋውስቶ ነገር የተሰማው መስሏት «ተው እንግዲህ» አለችው።

«ገንዘቡ አላስፈለገኝም» አላት ሊብራዶ።

«የቱ ገንዘብ?»

አወጣው። የእቁቡ ጸሐፊ ያጠፈችው እጥፋት እንኳ አልተፈታም። «ኮከብ ያላት ቁጥር የኔ ነበረች። አራት ኳርት ይበቃ ነበር። የራዲያተሩም ግማሹ ውሃ ነው። የራሴ ብር በቃኝ።»

ኔሬይዳ ብሩን አየችው እንጂ አልነካችውም። «መቼ አወቅህ?»

«ማክሰኞ። ሱቁ ውስጥ።»

«ማክሰኞ» አለች። ኩባያዎቹን በርሜሉ ክዳን ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች፣ እንዳይሰበሩ ተጠንቅቃ። «ታንክሬዶ እስከ ዓርብ ጠብቆኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሐሙስ አይቼዋለሁ። ታስሮ።»

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር ትሉ ይሆናል፤ እኔም እላለሁ። ግን አንዴ አፉ ከተከፈተ ወዲያ ከልካይ አልነበረውም። ስለ ቺቾ፣ ስለ ሹፌሮቹ ሳቅ፣ ፍሬን ስለመያዙ፣ ስለመልቀቁ፣ ሁሉን ዘረገፈው። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«መሳሳትህን ተወው» አለች በመጨረሻ። «ሰው ይሳሳታል፣ እኔም አብሬህ ተቀምጬ ነበር። እንዳይስቁብህ ብለህ ግን በፋውስቶ ሚስት እንዲያፍሩ ተውክ። የወንድሙን ነገር ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ገንዘቡን መመለስ ትችላለህ። ሙት ዓመት ግን አንዴ ነው።» ብሩን ከእጁ ወሰደች፣ ሳትቆጥር ጉያዋ ከተተች፣ ኩባያዎቿን ይዛ ገባች።

ሊብራዶ ገብቶ ለፋውስቶ ወንድም ሊነግረው አሰበ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ። በር ላይ ሲደርስ ኔሬይዳ ከውስጥ አየችውና ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገር ማለቷ ነው። የቤቷን ገመና በእንግዳ ፊት ሁለተኛ ልትሰማው አልፈለገችም። ስለዚህ ያንንም አጣ። ማታ ዘመዶቹን ወደ ሳንቲያጎ መለሳቸው፤ የፋውስቶ ወንድም ከጎኑ ተቀምጦ ስለ ኔሬይዳ ንፉግነት እስከ ታች ድረስ አወራለት፣ እሱም መሪውን ጨብጦ አዳመጠ። አንዴ «እንደሱ አይደለም» ብሎ ጀመረና ራሷን ስትነቀንቅ ትዝ አለው፤ አቆመ።

ሰኞ ጠዋት ፌርማታው ላይ ሊብራዶ ሳይጠየቅ ለቺቾ ነገረው። ስለ ኮከቧ፣ ስለ አሥሩ ኳርት። ስለ ፍየሉ አልነገረውም። እንዳሰበው ቺቾ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ፤ አንዱ መጽሐፉን ቀምቶ እንደ ቄስ አነበበው። ይኸው ነበር የፈራው ሁሉ። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

ኔሬይዳ ወደ ገበያ የምትወርድበት ቀን ነበር። ፋውስቶ ከሞተ ወዲህ ሊብራዶ ከእሷ ሒሳብ ተቀብሎ አያውቅም፤ የምትቀመጠውም ከፊት ከጎኑ ነው። በሩን ከውስጥ ከፈተላት። እሷ «እንደምን አደርክ ሊብራዶ» አለችና በኋላው በር ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራችው፤ አበልጄ አላለችም።

ሃራባኮዋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ እየወረደ ሒሳቡን ሲሰጥ እሷም ተራዋን ጠብቃ መጣች። እንደማንኛውም ተሳፋሪ መቶ ሃምሳ ፔሶ ዘረጋችለት። ሊብራዶ እጁን አልዘረጋም።

«ተቀበል» አለችው፣ ያለ ቁጣ። «ከኋላዬ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ተቀበላት።